በቴሌግራም የያዝኩት ዋጋ ኢሜይል ላይ ሲደርስ ልመና ይሆንብኛል። እንዴት ልጻፈው?

ጀበና ጅማ · ጥቅምት 6፣ ጠዋት

ሰላም ለሁላችሁ። ጅማ ፈረንጅ አራዳ አካባቢ አነስተኛ ቡና መቁያ ቤት አለኝ። ቆልተን ፈጭተን በ250 ግራም እያሸግን እንሸጣለን። ማሸጊያውን የሚያትምልን አዲስ አበባ ያለ ድርጅት ነው። ባለፈው ጥር 5,000 ፍሬ አሳትሜ ነበር፤ አሁን ሊያልቅብኝ ነው።

ከሽያጭ ሠራተኛው ጋር አራት ቀን በቴሌግራም ተከራክረናል። ሳልቀንስ ሳልጨምር ልገልብጠው፦

እኔ፦ ወንድሜ እንዴት ነህ፣ ያው ማሸጊያ ፈልጌ ነበር። 5,000። ስንት ትለኛለህ?
እሱ፦ 48 ገብቷል። ዶላሩን እያየሽው ነው
እኔ፦ ኧረ በናትህ! 48?? የድሮ ደንበኛህ ነኝ እኮ፣ 35 አድርግልኝ
እሱ፦ ላንቺ ብዬ 44
እኔ፦ አትጨክንብኝ። ሌላ ቦታ 38 ብለውኛል። 38 በልና ዛሬውኑ ቅድሚያ ላስገባልህ
እሱ፦ 42 የመጨረሻ። ከዚያ በታች አለቃዬ አይፈርምም። በድርጅትሽ ስም ኢሜይል ጻፊና ላሳየው

ኢሜይሉን ልጽፍ ቁጭ አልኩ። የወጣልኝ ይሄ ነው፦

«ጉዳዩ፦ የዋጋ ቅናሽ እንዲደረግልን ስለመጠየቅ። ድርጅታችን የረጅም ጊዜ ደንበኛችሁ እንደመሆኑ መጠን፣ ካጋጠመን የገበያ ችግር አኳያ ጉዳያችን በበጎ ጎኑ ታይቶ፣ ከተቻለ ከ38 እስከ 40 ብር ባለው ዋጋ እንድንስተናገድ በታላቅ አክብሮት እንጠይቃለን። ማሸጊያው በእጃችን እያለቀ ስለሆነ አፋጣኝ ምላሻችሁን እንሻለን። ለሚደረግልን ቀና ትብብር በቅድሚያ እናመሰግናለን።»

ሳነበው ከፋኝ። ቴሌግራም ላይ ስከራከር ጠንካራ ነበርኩ። እዚህ ግን ቀበሌ ደጅ የምጠና ነው የምመስለው። ጨዋነቱን ሳልተው ዋጋዬን እንዴት አድርጌ ልያዝ?

---

ነጋዴው · ጥቅምት 6፣ ጠዋት

እህቴ፣ ኢሜይል ላይ ቁጥር አትጻፊ። ቁጥር የጻፈ ተሸነፈ። «የመጨረሻ ዋጋችሁን በጽሑፍ አሳውቁን» በይና ዝም በይ። እነሱ ራሳቸው ይወርዳሉ። እኔ 20 ዓመት እንዲህ ነው የምሠራው።

---

የግዢ ሰው · ጥቅምት 6፣ ከሰዓት

ነጋዴው የሚለው አንድ ቦታ ላይ ልክ ነው። ገና ምንም ዋጋ ካልተነገረ ዝም ማለት ይጠቅማል። እሷ ግን 38 ብላለች፣ እሱም 42 ብሏል። አሁን ቁጥር የሌለው ኢሜይል ቢደርሰው፣ አለቃው የሚያየው 42ን ብቻ ነው። ቴሌግራሙን አላነበበም። ለእሱ ክርክሩ የሚጀምረው ከዚህ ኢሜይል ነው። ስለዚህ ቁጥርሽ መግባት አለበት።

ለ14 ዓመት ግዢ ክፍል ሠርቻለሁ፣ አብዛኛውን እዚሁ ጅማ። ያንቺን ዓይነት ረቂቅ በየሳምንቱ አይ ነበር። ችግሩ ያንቺ ድክመት አይደለም፤ የተማርነው የደብዳቤ አጻጻፍ ነው። እኛ «ኦፊሴል» ጻፍ ስንባል እጃችን የሚያውቀው ማመልከቻ ነው። ለቀበሌ፣ ለትምህርት ቤት፣ ለገቢዎች። ማመልከቻ ደግሞ ወሳኙ ሌላ ሰው ነው ብሎ ይጀምራል። ገዢ አመልካች አይደለም። አንቺ ገንዘብ ይዘሽ የመጣሽ ወገን ነሽ።

ቃል በቃል እንየው።

«እንዲደረግልን ስለመጠየቅ» የሚለው ርዕስ ገና ሳይከፈት ልመና ነው። ጉዳዩ ትዕዛዝ ነው። «የ250 ግራም ማሸጊያ ትዕዛዝና ዋጋ» ብትዪ ይበቃል።

«ከ38 እስከ 40» ስትዪ 40 ብለሻል። ሻጭ ከሁለት ቁጥር የሚያነበው ትልቁን ነው። ቴሌግራም ላይ እንዲህ አላልሽም፤ 38 ብለሽ ቆመሽ ነበር። ጨዋ ለመሆን ስትዪ ሁለት ብር በራስሽ እጅ ሰጠሽ።

«ከተቻለ»፣ «ታይቶ»፣ «በበጎ ጎኑ»። እነዚህ ዋጋውን የአንቺ ሳይሆን የእነሱ ውሳኔ ያደርጉታል። ማን ነው የሚያየው? ማን ነው የሚችለው? ባለቤት ያለው ግስ ጻፊ። «እንከፍላለን»፣ «እናዛለን»፣ «እንረከባለን»።

«እያለቀ ስለሆነ» የሚለውን ደግሞ ጨርሶ አውጪው። ሂርማታ ገበያ ሐሙስ ቀን ማር ስትገዢ፣ እንግዳ ቤት ቆሞ እየጠበቀሽ መሆኑን ለባለማሩ ትነግሪያለሽ?

ከዚህ ሁሉ በፊት ግን አንድ ነገር መልሺልኝ። 38 ያልሽው ከነቫቱ ነው ወይስ ቫት ሳይጨመር? የእሱስ 42?

---

ቶሌራ · ጥቅምት 6፣ ከሰዓት

በእንግሊዝኛ ብትጽፊው ይሻላል። በእንግሊዝኛ የመጣ ኢሜይል ቶሎ ይመለሳል፣ ድርጅትሽም ትልቅ ይመስላል። ከፈለግሽ እኔ ልተረጉምልሽ እችላለሁ። ያለፈው ወር ለአጎቴ ሆቴል እንደዚያ አድርጌ ነበር።

---

ጀበና ጅማ · ጥቅምት 6፣ ማታ

ቶሌራ አመሰግናለሁ። ግን እነሱም እኔም በአማርኛ ነው የምንነጋገረው። የከበደኝ ቋንቋው አይደለም፣ ዋጋው እንዳይላላ ነው።

ጋሼ፣ ጥያቄዎ አስደነገጠኝ። ደውዬ ጠየቅሁት። የእሱ 42 ቫት ሳይጨመር ነው። እኔ 38 ያልኩት ግን ከየት እንደመጣ ሳስበው፣ የጥር ወሩን ደረሰኝ አወጣሁ። 33 ብር ከቫት በፊት፣ ከነቫቱ 37.95። እኔ «ባለፈው 38 ነበር» ብዬ የያዝኩት ቁጥር ከነቫቱ ነው!

ሌላም ልናዘዝ። «ሌላ ቦታ 38 ብለውኛል» ያልኩት በስልክ የተነገረኝ ነው። 38 ብር ተኩል ነው ያሉት፣ እሱም ቫልቭ የሌለው ማሸጊያ ነው።

---

የግዢ ሰው · ጥቅምት 6፣ ማታ

ጥሩ አደረግሽ ደረሰኙን ማውጣትሽ። አሁን ቁጥሮቹን አንድ መስመር ላይ እናስቀምጣቸው።

የእሱ 42 ከነቫቱ 48.30 ነው። ያንቺ 38 ከነቫቱ ከሆነ፣ ከቫት በፊት 33.04 ነው። አራት ቀን ሙሉ በመሃላችሁ ያለው ልዩነት 4 ብር ይመስልሽ ነበር። እውነቱ ግን በፍሬ 9 ብር ገደማ ነው፣ ከነቫቱ ከ10 ብር በላይ። ቴሌግራም ላይ እንዲህ ያለ ነገር ተሸፍኖ ያልፋል፤ ፕሮፎርማው የመጣ ቀን ነው ጠቡ። የቫት ተመዝጋቢ ከሆንሽ የከፈልሽውን ቫት ስለምታወራርጂው፣ ከእነሱ ጋር ሁልጊዜ «ከቫት በፊት» እያልሽ ተነጋገሪ።

ሌላ ቦታ ስለተባለው ዋጋ። ቴሌግራም ላይ የተባለ ያልፋል። ኢሜይል ላይ ከጻፍሽው «ፕሮፎርማውን አያይዙልን» ይሉሻል። ብታያይዢው ደግሞ ቫልቭ እንደሌለው በአንድ ዓይን ያዩታል። የተቆላ ቡና ጋዝ ያወጣል፤ ቫልቭ ያለውና የሌለው አንድ ዕቃ እንዳልሆነ ከአንቺ በላይ ያውቃሉ። ከዚያ በኋላ የምትጽፊውን እውነት እንኳ አያምኑሽም። ተይው።

ስለ ዶላሩ ግን እሱም ሙሉ በሙሉ አይዋሽም፣ ሙሉ በሙሉም ልክ አይደለም። የውጭ ምንዛሪው በገበያ ይወሰን የተባለው ሐምሌ 22 ቀን 2016 ነው። አንቺ በ33 ያሳተምሽው ጥር 2017 ነው፣ ከዚያ በኋላ። ስለዚህ ያ ትልቁ ዝላይ በ33ቱ ውስጥ ነበር። ከጥር ወዲህም ብር ወርዷል፣ ፕላስቲኩም ከውጭ የሚመጣ ነው። መጨመሩ አይቀርም። ግን ከ33 ወደ 42 ማለት 27 በመቶ ነው። ይህ ሁሉ የፕላስቲኩ ነው? ከዋጋው ውስጥ የሠራተኛው፣ የመብራቱ፣ የትርፉ ድርሻ በዶላር አይደለም።

እንግዲህ በ33 አትቆሚም፤ ያለፈው ዓመት ዋጋ ምኞት ነው። አዲስ ቁጥር ምረጪና ለቁጥሩ ምክንያት ፈልጊለት። ምክንያቱ «ደንበኛ ነኝ» ወይም «ገበያ ከብዶናል» አይሁን። ያንቺ መቸገር የእነሱን ወጪ አይቀንስም። እነሱ ዘንድ ወጪ የሚቀንስ ምን ልትሰጪ ትችያለሽ?

---

አታሚው · ጥቅምት 7፣ ጠዋት

እኔ ሻጭ ወገን ነኝ። ህትመት ቤት ሽያጭ ላይ እሠራለሁ፣ የእናንተው ድርጅት ግን አይደለም። ከጠረጴዛው ማዶ እንዴት እንደሚታይ ልንገርሽ።

ኢሜይልሽ ሲመጣ ሽያጩ ልጅ ለአለቃው ይልከዋል። አለቃው አንድ ደቂቃ ያህል ያየዋል። የሚፈልገው ሦስት ነገር ነው፦ ስንት ፍሬ፣ በስንት፣ ገንዘቡ መቼ ይገባል። ከሦስቱ አንዱ ከሌለ «ፕሮፎርማ ላክላት» ብሎ ያልፋል፣ በ42።

አሁን ወጪያችንን ልንገርሽ። ማሽኑ ላይ ሥራ ስንሰቅል፣ ቀለሙ ልክ እስኪገባ የሚበላሽ ፕላስቲክ አለ፣ የሚባክን ሰዓት አለ። 5,000 ስታዢም 10,000 ስታዢም ብክነቱ ያው ነው። ስለዚህ 10,000 በአንድ ጊዜ ይታተም ብትዪ እውነተኛ ቅናሽ ይወጣል። ዲዛይንሽ የተቀረጸባቸው የማተሚያ ሲሊንደሮችስ? ባለፈው ጊዜ ለብቻ ከፍለሽባቸው ከሆነና ዲዛይኑ ካልተቀየረ፣ አሁን የሲሊንደር ወጪ የለም። ይህን በኢሜይሉ ጻፊው፣ ሲሊንደሮቹ ያንቺ መሆናቸውንም። አንዳንድ ቦታ ደግመው ሲያስከፍሉ አይቻለሁ።

አንድ ነገር ደግሞ እለምንሻለሁ። «ሠራተኛችሁ ወደ 42 ወርዶልኛል፣ ከዚያም ሊወርድ እንደሚችል ነግሮኛል» የሚል ነገር አትጻፊ። ልጁ ከአለቃው ጋር ይጣላል። ከዚያ በኋላ ላንቺ የሚከራከርልሽ ሰው ውስጥ የለም።

---

ሰብሊ · ጥቅምት 7፣ ከሰዓት

እኔ የገጠመኝን ልናገር። አጅፕ አካባቢ እንግዳ ማረፊያ አለን። ለ18 ክፍል መጋረጃ ለማሰፋት ከአንድ የስፌት ድርጅት ጋር ዋጋ ተነጋገርን። ወንድሜ ጠንከር በይ ብሎኝ «ይህ የመጨረሻ ዋጋችን ነው፣ ካልሆነ ወደ ሌላ እንሄዳለን» ብዬ በኢሜይል ጻፍኩ። በትህትና እንቢ አሉ። ሌላ ሰፊ ስናጣ ከሁለት ሳምንት በኋላ ተመለስን። በመጀመሪያ ካሉት ላይ አንድ ብር አልቀነሱም። በቃል ብዬው ቢሆን «እንዲያው ነው ያልኩት» እል ነበር። የጻፍኩትን ግን እነሱም እኔም እያየነው ነው። ስለዚህ «የመጨረሻ» የሚለውን ቃል የእውነት ካልሆነ አትጻፊው።

---

የግዢ ሰው · ጥቅምት 7፣ ከሰዓት

ሰብሊ ያለችው ትልቅ ነገር ነው። ገበያ ላይ «የመጨረሻ» ማለት «ገና ነን» ማለት ነው፣ ሁለቱም ወገን ያውቃል። በጽሑፍ ግን የመጨረሻ የመጨረሻ ነው።

ገበያ ላይ ዋጋ የምንይዘው በእግራችን ነው። ዞር ብለን ሁለት እርምጃ ስንሄድ ይጠሩናል። ኢሜይል እግር የለውም። በእሱ ቦታ ቀን ነው የሚገባው፦ «ይህ ዋጋ እስከዚህ ቀን የጸና ነው።» ማስፈራሪያ የለበትም፣ ቀኑ ሲያልፍም አዲስ ዋጋ ይዘሽ ብትመለሺ አታፍሪም።

---

ጀበና ጅማ · ጥቅምት 7፣ ማታ

ሲሊንደሮቹ ለብቻ የተከፈለባቸው ናቸው፣ ደረሰኙ አለኝ። ዲዛይኑም አልተቀየረም። አሁን በወር ወደ 800 እሸጣለሁ፤ 5,000 ስድስት ወር ይይዘኛል። 10,000 አሳትሜ በሁለት ጊዜ ብረከብ ይሆናል። እስከ 39 ብር ከቫት በፊት ብከፍል አልከስርም። ሁለተኛውን ረቂቅ ተመልከቱልኝ፦

«ጉዳዩ፦ የ250 ግራም ባለቫልቭ ቡና ማሸጊያ፣ 10,000 ፍሬ፣ ትዕዛዝና ዋጋ

ጤና ይስጥልን።

ባለፈው ጥር ያተማችሁልን ማሸጊያ በጥራቱ አስደስቶናል፣ ሁለተኛውንም ትዕዛዝ ከእናንተ ጋር ለመሥራት እንፈልጋለን።

በአንድ ህትመት 10,000 ፍሬ እናዛለን። ግማሹን ኅዳር ላይ፣ ግማሹን ግንቦት ላይ እንረከባለን። ዲዛይኑ ከጥር ወሩ ህትመት ጋር አንድ ነው። ሲሊንደሮቹን ባለፈው ትዕዛዝ ከፍለንባቸው እናንተ ዘንድ ይገኛሉ፤ ስለዚህ አዲስ የሲሊንደርም ሆነ የዲዛይን ወጪ የለም።

እስካሁን የሰጣችሁን 42 ብር ለ5,000 ፍሬ ነው። መጠኑ እጥፍ ሆኖ በአንድ ጊዜ ስለሚታተም፣ የምንከፍለው ዋጋ ከቫት በፊት በፍሬ 37 ብር ነው።

ትዕዛዙን ስንፈርም የጠቅላላውን ዋጋ 40 በመቶ እንከፍላለን፣ ቀሪውን በየርክክቡ። ዕቃውን ከመጋዘናችሁ የምናነሣው በራሳችን ወጪ ነው።

ይህ ዋጋና መጠን እስከ ጥቅምት 20 የጸና ነው። ከተስማማችሁ ፕሮፎርማውን ላኩልን፤ ፕሮፎርማው በደረሰን በሁለት የሥራ ቀን ውስጥ ቅድሚያ ክፍያውን እናስገባለን።

ከአክብሮት ጋር»

---

ነጋዴው · ጥቅምት 8፣ ጠዋት

ቁጥር መጻፉን እሺ ልቀበል፣ አለቃው ቴሌግራሙን አላየም የተባለው ገብቶኛል። ግን ቀዝቃዛ ነው። «ወንድሜ»ው የት ሄደ? ከሰው ጋር እኮ ነው የምትሠሪው። አራት ቀን ተሳስቀሽ በአምስተኛው ቀን እንዲህ ያለ ደረቅ ነገር ቢመጣ ልጁ የተጣላሽው ይመስለዋል።

---

የግዢ ሰው · ጥቅምት 8፣ ጠዋት

ይህ ትክክለኛ ስጋት ነው። መፍትሔው ግን ኢሜይሉን ማለስለስ አይደለም። «ወንድሜ»ው ቴሌግራም ላይ ይቆይ። ኢሜይሉን እንደላክሽ ለልጁ «ወንድሜ፣ እንዳልከኝ ለአለቃህ የሚታይ ጽሑፍ ልኬአለሁ፣ አንተም እንድትደግፈኝ መጠኑን እጥፍ አድርጌዋለሁ» ብለሽ ጻፊለት። ለእሱ የምታወሪበት ነገር ሰጠሽው። ዋጋ ግን እዚያ አትጥቀሺ። ቴሌግራም ላይ «ኧረ 38ም ብትሉ…» ካልሽ ኢሜይሉ ያኔ ሞተ።

ረቂቁ ጥሩ ነው። ሁለት ነገር ብቻ። 37 ብር ያልሽበት ዓረፍተ ነገር ለብቻው መስመር ይያዝ፤ አለቃው በዓይኑ ሲፈልገው ቶሎ እንዲያገኘው። ደግሞ ህትመት ቤቶች ከታዘዘው ትንሽ ከፍ ወይም ዝቅ አድርገው ያስረክባሉ። «የምንከፍለው በተረከብነው ቁጥር ልክ ነው፣ ልዩነቱም ከ10 በመቶ አይበልጥም» የሚል ጨምሪ። አለዚያ 11,500 አምጥተው «ውሰጂ» ይሉሻል።

---

አታሚው · ጥቅምት 8፣ ከሰዓት

10 በመቶው የተለመደ ነው፣ ማንም አይከራከርሽም። 40 በመቶ ቅድሚያ ላይ ግን ይቃወማሉ ብዬ እገምታለሁ። ለ10,000 ፍሬ ፕላስቲኩን በአንዴ ነው የሚገዙት። ግማሹ ደግሞ እስከ ግንቦት መጋዘን ይተኛል።

---

ጀበና ጅማ · ጥቅምት 12፣ ከሰዓት

መልስ መጣ! ቅዳሜ ነበር የላክሁት። የጻፈው አለቃው ራሱ ነው። «ለረጅም ጊዜ ግንኙነታችን ሲባል በ39.50፣ 70 በመቶ ቅድሚያ ክፍያ» ይላል። ሲሊንደሮቹ የእኔ መሆናቸውን አምኗል። ስለ ቁጥር ልዩነቱም ተስማምቷል።

ከ42 ወደ 39.50 መውረዱ አስደስቶኛል። ከ39ዬ ግን 50 ሳንቲም ይበልጣል። 70 በመቶውንም አልችለውም፤ የቡና መግዣዬ ነው። ምን ብዬ ልመልስ?

---

ሰብሊ · ጥቅምት 12፣ ከሰዓት

ውሰጂው እህቴ! 2.50 ቀላል አይደለም።

---

የግዢ ሰው · ጥቅምት 12፣ ማታ

39.50 ከየት እንደመጣ አይተሻል? 37 እና 42 መሃል ነው። ልክ እኩሌታው። አለቃው ወጪ አላሰላም፣ መሃል ለመሃል ከፈለው። ይህ ደግሞ ቁጥርሽን በመጻፍሽ ምን እንዳገኘሽ ያሳያል። ከ38 እስከ 40 ብለሽ ቢሆን የሚያነበው 40ን ነበር፣ ከ42 ጋር መሃሉ 41 ይሆን ነበር።

አሁን አንቺም መሃሉን ከፍለሽ 38.25 አትበዪ። ከዚያ በኋላ እሱም ይከፍላል፣ ገበያ ተመልሳችሁ ገባችሁ ማለት ነው። ከ37 ከተንቀሳቀስሽ በምትኩ የሆነ ነገር ይምጣ። ሁለት ጥያቄ አለው፣ ዋጋና ቅድሚያ ክፍያ። ሁለቱንም አትስጪው፣ ሁለቱንም አትከልክዪው። «በ38 ብር እንስማማለን፣ ቅድሚያ ክፍያው 40 በመቶ እንደሆነ ከቆየ» ዓይነት። ወይም ገንዘቡ ካለሽ በተቃራኒው፣ «60 በመቶ እናስቀድማለን፣ ዋጋው 37 ከሆነ።»

---

አታሚው · ጥቅምት 12፣ ማታ

ጋሼ ላይ እዚህ አልስማማም። ሰውየው 70 ያለው ለመደራደሪያ ላይሆን ይችላል። የፕላስቲክ ነጋዴው ራሱ ጥሬ ገንዘብ ነው የሚጠይቀው። በ38 ከ40 በመቶ ጋር ብትዪው «እንግዲያው 5,000 ብቻ በ42» ሊልሽ ይችላል። እኔ ብሆን 39 እልና 50 በመቶ ላይ እቆም ነበር። 39 የምትችይው ነው፣ አንቺው ብለሻል።

---

የግዢ ሰው · ጥቅምት 12፣ ማታ

39 የመጨረሻ ጣሪያዋ ነው፣ በሁለተኛው ኢሜይል አይወጣም። ጣሪያ ላይ ከደረሰች ሰውየው አንድ ጊዜ ብቻ «ትንሽ ጨምሪ» ቢላት የምትሄድበት የላትም። ስለ ፕላስቲኩ ግን ልክ ልትሆን ትችላለህ፤ እሷ ብትጠይቀው ጥሩ ነው። መጠየቅ የያዘችውን ዋጋ አያላላም።

---

ጀበና ጅማ · ጥቅምት 13፣ ጠዋት

ሌሊቱን ሳስበው አድሬ ይህን ላክሁ፦

«ለፈጣን መልሳችሁ እናመሰግናለን። በሲሊንደሮቹና በቁጥር ልዩነቱ ላይ መስማማታችንን በዚህ ይዘናል።

በዋጋው ላይ፣ ቅድሚያ ክፍያው ለጠቅላላው 10,000 ፍሬ 45 በመቶ ከሆነ፣ ከቫት በፊት በፍሬ 38 ብር እንከፍላለን።

70 በመቶ የተጠየቀው ለፕላስቲክ ግዢው ከሆነ፣ የፕላስቲኩ ድርሻ ከጠቅላላው ስንት እንደሆነ ብትገልጹልን የክፍያውን ጊዜ ከእሱ ጋር ለማስተካከል እንችላለን። ያስቀመጥነው ቀን፣ ጥቅምት 20፣ እንዳለ ነው።»

ለልጁም ቴሌግራም ላይ «ወንድሜ በርታልኝ» ብቻ አልኩት።

---

ነጋዴው · ጥቅምት 13፣ ጠዋት

«በዚህ ይዘናል» የሚለው ወድጄዋለሁ። የተስማሙበትን ቆልፈሽ ወደ ቀረው ሄድሽ። በቃል ስንከራከር ሁሌ እሱን ረስተን እንደገና ከሀ እንጀምራለን።

---

ጀበና ጅማ · ጥቅምት 13፣ ማታ

ልጁ ማታ ደወለ። አለቃው 38ቱን «እሺ ይታያል» ብሏል አለኝ፣ ክፍያው ላይ ግን ከሂሳብ ክፍል ጋር እየተነጋገሩ ነው። በስልክ ስለሆነ እንደ መልስ አልቆጠርኩትም፤ «በኢሜይል እጠብቃለሁ» አልኩት። አንድ ነገር ብቻ ይቀረኛል። የግንቦቱ 5,000 እነሱ መጋዘን እያለ ውሃ ወይም አይጥ ቢነካው ኃላፊነቱ የማን ነው? ይህን ከፕሮፎርማው በፊት ልጻፍ ወይስ ከመጣ በኋላ? አታሚው፣ እናንተ ጋ እንዴት ነው የሚደረገው?